የወገብ ነርቭ ወይስ የዳሌ አንጓ? እግር ሲታመም ምንጩን መለየት

ከአምበርና ከአካባቢው ገጠር ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ገበሬ «እግሬን ይዞኛል» ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው መልስ «ነርቭ ነው» የሚል ነው። የቫይታሚን መርፌ ይታዘዝለታል፣ ማስታገሻ ይጨመርለታል። ሕመሙ አልለቅ ሲለው ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ ለወገብ ኤምአርአይ ይልከዋል። ውጤቱም «ዲስክ ወጣ ብሏል» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነርቭ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። እኔ ግን የምጠራጠረው እዚያ ላይ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹን የሚያሠቃያቸው ወገባቸው ሳይሆን ማንም ያልነካው የዳሌ አንጓቸው ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚበቃው ደግሞ አንድ አልጋና የሠለጠነ እጅ ነው፤ ጊዜውም ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ነገሩን በአንድ ሰው ላይ አድርገን እንየው። ታሪኩ ከብዙ ሕመምተኞች ሁኔታ የተገጣጠመ እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። ዕድሜያቸው ወደ 56 የሚጠጋ የአምበር አካባቢ ገበሬ ናቸው። ቀኝ እግራቸውን ካመማቸው ዓመት አልፎታል። ሕመሙ የጭናቸውን ፊት ይዞ እስከ ጉልበታቸው ይወርዳል። መጀመሪያ ጉልበታቸው ታየ፣ የጉልበት ራጅም ተነሡ፤ ምንም አልተገኘም። ቀጥሎ «ከወገብ የሚመጣ ነርቭ ነው» ተባሉ። ኤምአርአዩም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ትንሽ ወጣ ማለቱን አሳየ። በዚህ ሁሉ መሃል የዳሌያቸውን ራጅ ያነሣቸው፣ ጭናቸውንም አዙሮ ያየ ሰው አልነበረም።

ሁለቱን ሕመሞች መለየት የቆየ ጥያቄ ነው። በጥንቱ ሕክምና ከዳሌ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ሁሉ በአንድ ስም ይጠራ ነበር። የኔፕልሱ ሐኪም ዶሜኒኮ ኮቱኞ እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው የላቲን መጽሐፍ ግን ሕመሙን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱን የአንጓ፣ ሌላውን የነርቭ አለው። ዛሬ ሳያቲካ የምንለው ሁለተኛውን ነው። ያን ጊዜ ራጅም ሆነ ኤምአርአይ አልነበረም። ኮቱኞ የለየው ሕመሙ የሚሄድበትን መስመር በጥንቃቄ በመከተል ነው።

መስመሩ ዛሬም የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። የሳያቲክ ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከታችኛው ወገብና ከስሩ ካለው አጥንት በሚወጡ ሥሮች ተሠርቶ በመቀመጫ ሥር ያልፋል፣ የጭንን ጀርባ ይዞ ይወርዳል፣ ከጉልበት በላይ ተከፍሎ እስከ እግር ጣት ይደርሳል። ስለዚህ ከሥሮቹ አንዱ ሲጫን ሕመሙ ያን መንገድ ይከተላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከጉልበት በታች ይወርዳል። አምስተኛው የወገብ ሥር ከሆነ የባትን ውጫዊ ጎን ይዞ በእግር ጀርባ በኩል ወደ አውራ ጣት ይሄዳል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሥር ከሆነ ደግሞ ከባት ጀርባ ወደ ተረከዝና ወደ ትንሿ ጣት ይወርዳል። ሕመምተኛው ሕመሙን የሚገልጸው «እንደ እሳት ይለበልበኛል»፣ «ንዝረት ነው»፣ «ይደነዝዘኛል» እያለ ነው። መንገዱንም በአንድ ጣት ከላይ እስከ ታች ሊያሰምርልዎት ይችላል።

የዳሌ አንጓ ሕመም ሌላ ነው። የጭን አጥንት ራስ ከዳሌ ጎድጓዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ያለው ከብሽሽት ጀርባ በጥልቀት ነው። አንጓው ሲታመም ሕመሙ ከሁሉ በፊት የሚሰማው ብሽሽት ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ጭን ፊት፣ አንዳንዴም ወደ መቀመጫ ይሄዳል። ወደ አንጓው የሚሄዱት ነርቮች ለጭንና ለጉልበትም ቅርንጫፍ ስላላቸው፣ ዳሌው ታሞ ጉልበቱን ብቻ የሚያመው ሰው ጥቂት አይደለም። በልጆች ላይ ይህ ይበልጥ አደገኛ ነው። ጉልበቱን እያመመው የሚያነክስ ልጅ የጉልበቱ ራጅ ደህና ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የጭኑ አጥንት ራስ እየተንሸራተተ ወይም ደም አጥሮት እየፈረሰ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ዳሌዬን ነው የሚያመኝ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም። አንዱ ይህን ሲል እጁን መቀመጫው ላይ፣ ሌላው ጎኑ ላይ፣ ሦስተኛው ብሽሽቱ ላይ ያሳርፋል። መጠየቅ ያለበት እጁን ነው።

«አያ፣ የሚያምዎትን ቦታ በእጅዎ ያሳዩኝ እስቲ።»

የኛ ገበሬ አውራ ጣታቸውን ወደ ኋላ፣ አራቱን ጣቶች ወደ ፊት አድርገው የዳሌያቸውን ጎን በመዳፋቸው ጨበጡ፤ የጣቶቻቸው ጫፍ ብሽሽታቸው ላይ አረፈ። ከጎንም ከፊትም ከኋላም ይዘው ወደ ውስጥ የሚያመለክቱበት ይህ አያያዝ የአንጓ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ነው።

«ከጉልበትዎ በታች ይወርዳል?»

«ኧረ የለም ልጄ፣ ጉልበቴ ላይ ይቆማል።»

«ይደነዝዝዎታል? እንደ መርፌ ይወጋዎታል?»

«መደንዘዝ እንኳ የለውም። ዝም ብሎ ይጠዘጥዘኛል እንጂ። ጠዋት ስነሣ ተቆልፎ ያድራል፣ ትንሽ ስራመድ ይፈታል።»

ቀጥሎ የሚጠየቀው ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚያባብሰው ነው። ዲስክ ነርቭ የተጫነበት ሰው ጎንበስ ብሎ ማረም ያሰቃየዋል፤ መቀመጥ፣ በተለይ በመኪና ብዙ ሰዓት መጓዝ አይችልም። ሲያስልና ሲያስነጥስ ሕመሙ እስከ እግሩ ይሮጥበታል። ዳሌው የታመመ ሰው ግን ማሳል አይጎዳውም። እሱን የሚያቅተው ዳሌውን በጣም ማጠፍና ማዞር ነው፤ ጫማ ማሰር፣ የእግር ጥፍር መቁረጥ፣ ለሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት፣ በቅሎ ላይ እግርን አሻግሮ መውጣት፣ አነባብሮ መቀመጥ። አንድ ገበሬ «በቅሎ መውጣት አልቻልኩም» ካለ፣ እኔ ከወገቡ በፊት ዳሌውን አያለሁ።

የመራመድ ሕመም ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በዕድሜ ምክንያት የአከርካሪው ቦይ የጠበበበት ሰው ቆሞ ሲውል ወይም ሲራመድ ሁለቱ እግሮቹ ይከብዱታል፣ ሲቀመጥ ይሻለዋል። የታመመ ዳሌም ሲራመዱበት ያማል፣ ሲያርፉ ይሻላል። የሚለያቸው ጎንበስ ማለት ነው። ቦዩ የጠበበበት ሰው ወደ ፊት ሲጎነበስ ቦዩ በመጠኑ ይሰፋለታል። ረጅም ቅዳሴ ላይ ቆሞ እግሩ የዛለ አዛውንት መቋሚያው ላይ ወደ ፊት ደገፍ ሲል የሚቀለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ዳገት ሲወጣም ጎንበስ ስለሚል ከቁልቁለቱ ይልቅ ዳገቱ ይሻለዋል። ዳሌው የታመመ ሰው መደገፉ ክብደቱን ቢቀንስለትም መጎንበሱ በራሱ ምንም አይፈይድለትም።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። ለነርቭ በጣም የታወቀው ምርመራ ቀጥ ያለ እግርን ማንሳት ነው። ሕመምተኛው በጀርባው ይተኛል፣ ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግሩ ቀስ እየተባለ ይነሣል። ነርቩ የተጫነ ከሆነ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ቦታ እንደ ጠፍር ይወጠርና ሕመሙ ከጉልበት በታች ይፈሳል። ምርመራው በፈረንሳዊው ሐኪም በላሴግ ስም ይጠራል፤ በጽሑፍ ያሰፈረው ግን ተማሪው ፎርስት እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ደግሞ ሐኪምም ደራሲም የነበረው ሰርቢያዊው ላዛ ላዛሬቪች ጽፎበታል። ችግሩ ይህ ምርመራ ነርቭ የሌለበትንም ሰው ሊያሳምም መቻሉ ነው። የጭኑ ጀርባ ጅማት ያጠረ ሰው ከጭኑ ኋላ መወጠር ይሰማዋል፤ ይህ ግን ሳያቲካ አይደለም። ዳሌው የታመመም እግሩ ሲነሣ ያመዋል፣ መርማሪውም «አዎንታዊ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ሲዘለል አያለሁ። እግሩ ሕመሙ የጀመረበት ቦታ ላይ እንዳለ ጉልበቱን ማጠፍ ነው። ጉልበቱ ሲታጠፍ ነርቩ ይላላል፤ ሕመሙ የነርቭ ከሆነ ወዲያው ይቀልለዋል። ከዚያ የታጠፈውን ጉልበት ይዞ ጭኑን ወደ ሆድ መግፋት ነው። በዚህ ጊዜ ብሽሽቱን ካመመው ጥፋቱ የአንጓው ነው። ሌላም አለ፤ ደህነኛው እግር ሲነሣ የታመመው እግር ካመመ፣ ብዙ ጊዜ የማይታይ ቢሆንም ሲታይ ስለ ዲስክ ጠንካራ ምስክር ነው።

የገበሬያችን ቀኝ እግር ቀጥ ብሎ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ብሽሽታቸውን አመማቸው። ጉልበታቸው ሲታጠፍ ግን ሕመሙ አልቀነሰም፤ ጭናቸው ወደ ሆዳቸው ሲገፋ ጭራሽ ባሰ።

ለአንጓው ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ጭንን ወደ ውስጥ ማዞር ነው። ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ ዳሌውና ጉልበቱ እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ ይታጠፋሉ፤ ከዚያ ጉልበቱ ባለበት ተይዞ ተረከዙ ወደ ውጭ ይወሰዳል። ተረከዙ ወደ ውጭ ሲሄድ የጭኑ አጥንት ራስ ወደ ውስጥ ይዞራል። አንጓ መበላት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ይህ መዞር ነው። ጤነኛ ዳሌ ወደ 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይዞራል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሆኖ ሕመም ካለው የአንጓ በሽታ ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ነው። የወገብ ነርቭ ይህን መዞር አይቆልፈውም። የገበሬያችን ግራ ዳሌ በነጻነት ዞረ። ቀኙ ግን ጥቂት ሄዶ እንደ ተቸነከረ ቆመ፣ ፊታቸውም ተኮማተረ። ዓመት ሙሉ ሲፈለግ የነበረው መልስ ይኼው ነው።

ማረጋገጫ የሚሆን ሌላም ምርመራ አለ። የቺካጎው የነርቭ ሐኪም ሂዩ ፓትሪክ ስለ ሳያቲካ እ.ኤ.አ. በ1917 ሲጽፍ ነርቩን ከአንጓው የሚለይ አንድ ዘዴ አቀረበ። የታመመው እግር ቁርጭምጭሚት በደህነኛው ጉልበት ላይ ይደረግና የታጠፈው ጉልበት ወደ ውጭ፣ ወደ አልጋው ይገፋል። ዳሌው የታመመ ሰው ጉልበቱ አይወርድለትም፣ ብሽሽቱንም ያመዋል። በዚያው አቀማመጥ ሕመሙ ከኋላ፣ ከመቀመጫው በላይ ከተሰማ ግን ዓይን ወደ ዳሌና አከርካሪ መጋጠሚያ መዞር አለበት።

ነርቩንም በራሱ መንገድ መጠየቅ ያሻል። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲያነሣ ይጠነክራል? በተረከዙና በእግሩ ጣቶች መራመድ ይችላል? ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ሲመታ እግሩ ይዘላል? ዳሌ የቱንም ያህል ቢታመም የተረከዙን ምላሽ አያጠፋም፣ አውራ ጣትንም አያደክምም። እነዚህ ከጎደሉ ነርቭ አለበት ማለት ነው።

አነካከስ ላይ ግን ልምድ ያለውንም ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። ጀርመናዊው ትሬንደለንበርግ እ.ኤ.አ. በ1895 እንዳሳየው፣ ዳሌው የታመመ ሰው በታመመው እግር ብቻ ሲቆም በሌላው በኩል ያለው ዳሌው ወደ ታች ይወርዳል፤ ዳሌን ደግፎ የሚይዘው የጎን ጡንቻ ስለሚደክም ነው። ይህን ያየ ሰው ወዲያው «ዳሌ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ያንን ጡንቻ የሚያዘው ነርቭ በዋናነት ከአምስተኛው የወገብ ሥር ይመጣል። ያ ሥር በዲስክ ክፉኛ ከተጫነም ዳሌው በዚያው መልክ ይወርዳል። ያን ጊዜ የሚያስታርቀው ወደ አልጋው መመለስ ነው፤ ጭኑ በነጻነት ከዞረና አውራ ጣቱ ከደከመ፣ አነካከሱ የዳሌ ቢመስልም መንስኤው ወገብ ነው።

የጭን ፊት ሕመምም ሁሌ የዳሌ አይደለም። ከላይ ያሉት ሦስተኛውና አራተኛው የወገብ ሥሮች ሲጫኑ ሕመሙ እንደ ገበሬያችን በጭን ፊት እስከ ጉልበት ይወርዳል። እነሱም ሕመምተኛው በሆዱ ተኝቶ ጉልበቱ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ይለያሉ፤ ነርቭ ከሆነ የጭኑ ፊት ይለበልባል። የጉልበት ምላሽ መቀነሱና የጭን ጡንቻ መድከሙም ይታያል። የገበሬያችን የጉልበት ምላሽ በሁለቱም እግር እኩል ነበር።

ታዲያ ኤምአርአዩ ያሳየው ዲስክስ? ውሸት አይደለም፤ ዲስኩ እውነትም ወጣ ብሏል። ነገር ግን ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ያሰባሰቡ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ላይ ሲገመገሙ፣ በ50 ዓመት ዕድሜ ካሉ ጤነኞች 60 በመቶ ያህሉ ወጣ ያለ ዲስክ እንዳላቸው ታይቷል። ሃምሳን የተሻገረ ገበሬ ወገብ ቢነሣ እንዲህ ያለ ነገር መታየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። በተጨማሪም በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል ያለ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው አምስተኛውን ሥር ነው፤ ሕመሙም ወደ እግር ጀርባና ወደ አውራ ጣት መሄድ ነበረበት። የኚህ ሰው ሕመም ጉልበት ላይ ይቆማል። ምስሉና መስመሩ ካልተገናኙ ማመን ያለብን መስመሩን ነው።

ለኚህ ሰው የሚያስፈልገው የሁለቱን ዳሌዎች አንድ ላይ የሚያሳይ ተራ ራጅ ነበር፤ ዋጋውም ከኤምአርአይ ጋር አይወዳደርም። ደብረ ማርቆስ ላይ ሲነሡ የቀኙ አንጓ ክፍተት ጠብቦ፣ አጥንቱ በጠርዙ በቅሎ ታየ። ራጁም ቢሆን ገደብ አለው። የጭን አጥንት ራስ ደም አጥሮት መሞት ሲጀምር መጀመሪያ ላይ ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ኤምአርአይ ያስፈልጋል፣ ግን የወገብ ሳይሆን የዳሌ። ይህ በሽታ የሚበረታው ለረጅም ዘመን አረቄ ያበዙና እንደ ፕሪድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶችን ብዙ የወሰዱ ሰዎች ላይ ነው። የእግር ሕመም እያሉ ያለ ሐኪም ክትትል እነዚህኑ መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

በአገራችን ደግሞ ቲቢ መዘንጋት የለበትም። የአከርካሪ ቲቢ መግል ከወገብ ተነሥቶ በሆድ ጀርባ ባለው ትልቅ ጡንቻ ውስጥ ወርዶ እስከ ብሽሽት ሊደርስ ይችላል። ሕመምተኛው ጭኑን አጥፎ ይተኛል፣ መዘርጋት ያቅተዋል፤ ላየው ሰው ዳሌው የታመመ ይመስላል። ጭኑ እንደታጠፈ ሲዞር ግን ብዙም አይቆለፍም፤ ሲዘረጋ ነው የሚጮኸው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት ካለ አከርካሪው መታየት አለበት።

ጊዜ የማይሰጡም አሉ። ሳያቲካ ያለበት ሰው ሽንቱ ከያዘው ወይም ካመለጠው፣ በመቀመጫውና በብልቱ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ወይም እግሩ እየደከመ ከሄደ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ትኩሳት ኖሮት እግሩን ማስረገጥ ያቃተው ልጅም እንዲሁ፤ አንጓው ውስጥ መግል ካለ በሰዓታት ይጎዳል። ከእነዚህ ውጪ ያለው ሳያቲካ ግን አብዛኛው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል፤ የተበላ ዳሌ ግን በዚያ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ «ነርቭ ነው፣ ይሻልዎታል» ተብሎ ወራት ያለፉት ሰው ካልተሻለው፣ ምርመራውን ከብሽሽቱ እንደገና መጀመር ይገባል።

አስቸጋሪው ሁለቱም አብረው ሲኖሩ ነው፤ በአዛውንቶች ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። ዳሌውም አይዞርም፣ እግሩም እስከ አውራ ጣቱ ይለበልባል። ያን ጊዜ የአጥንት ሐኪም በምስል እየተመራ ዳሌው አንጓ ውስጥ ማደንዘዣ ይወጋል። በዚያው ሰዓት ሕመምተኛው ተነሥቶ እንዲራመድ ይደረጋል፤ ከሕመሙ አብዛኛው ከጠፋ ያ ድርሻ የዳሌው ነበር፣ የቀረው የወገብ ነው።

ገበሬያችን እዚያ አልደረሱም፤ የሳቸው ምርመራ ሁሉ የሚያሳየው አንድ ቦታ ነው። በአንድ እግር ሲቆሙ ዳሌ የሚሸከመው ከሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የታዘዘላቸው ዱላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው እንዲያዞሩት ነው፤ ዱላው ከታመመው እግር ተቃራኒ ሲያዝ የዳሌው ጎን ጡንቻ ሥራ ይቀንሳል፣ አንጓው ላይ የሚያርፈውም ጫና እንዲሁ። የቫይታሚን መርፌው ቆመ። ማስታገሻው ከጨጓራቸውና ከኩላሊታቸው ጋር ተመዝኖ በመጠን ተሰጣቸው፣ የጎን ጡንቻቸውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ተማሩ። ማታ ማታ እንቅልፍ መንሳት ከጀመረና ይህ ሁሉ ካልበቃ አንጓውን በሰው ሠራሽ የመተካት ቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ለዚያ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊኖርባቸው ይችላል። ለቀጠሮው የሚይዙት የወገቡን ኤምአርአይ ሳይሆን የዳሌውን ራጅ ነው።